አምስት ሳምንት አልንቀሳቀስ ያለ ሚዛን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 165 ሳንቲ ሜትር። በሰባት ወር ከ86 ኪሎ ወደ 75 ወረድኩ። በቀን 1600 ካሎሪ እበላለሁ። አሁን ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ልቀንስ ወይስ ዳየቱን ላቁም?

መልስ፦ ገና ሁለቱንም አታድርጊ። መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። በሚፍሊን ቀመር ሲሰላ፣ 86 ኪሎ ሳለሽ ቀኑን ሙሉ ተኝተሽ ብትውዪ እንኳ ሰውነትሽ 1560 ካሎሪ ገደማ ይፈልግ ነበር። ቀላል እንቅስቃሴ ሲጨመርበት፣ ማለትም በ1.4 ሲባዛ፣ 2180 ይሆናል። በ75 ኪሎ ያው ስሌት 2030 ይሰጣል። 1600 ስትበዪ መጀመሪያ ላይ በቀን 580 ይጎድል ነበር፤ አሁን የሚጎድለው 430 ነው። ትንሽ አካል ትንሽ ስለሚያቃጥል ብቻ ያን ያህል ጠበበ።

ከዚህ በላይ ሰውነት ከስሌቱም በታች ወርዶ ይቆጥባል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ ረሃብ ይጨምራል፤ ሰውም ሳያውቀው እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ይቀመጣል፣ ደረጃውን ይተዋል፣ እጁን እንኳ ብዙ አያወናጭፍም። በአንቺ ዓይነት አወራረድ ይህ ቁጠባ አብዛኛውን ጊዜ 100 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ሰው ከሰው ግን ይለያያል። እሱም ተቀንሶ 300 ገደማ ጉድለት ሊቀር ይገባው ነበር፤ 300 ካለ ደግሞ በወር አንድ ኪሎ ያህል መውረድ አለብሽ። ካልወረድሽ የቀሩት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ ወይ ውኃ ሸፍኖታል፣ ወይ 1600 የምትዪው 1600 አይደለም።

ለውኃው፣ በየጠዋቱ ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳትበዪ ተመዘኚ፤ የሳምንቱን አማካይ ብቻ አወዳድሪ። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ መያዝ የተለመደ ስለሆነ፣ የዚህን ወር ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያዪው። ለምግቡ ደግሞ አሥር ቀን ሁሉንም በግራም መዝኚ። ዘይት፣ ቅቤ፣ ለውዝ፣ ስታበስዪ የምትቀምሺው፣ ልጅ ያስተረፈው ጉርሻ፣ የቅዳሜና እሁድ ምግብ፣ ሁሉም ይግባ።

አስተያየት፦ ምን ሒሳብ ያስፈልጋል! ሜታቦሊዝሟ ተበላሽቷል። ትንሽ ሲበላ ሰውነት ይደነግጣል፣ የበላውን ሁሉ ስብ አድርጎ ይይዛል። መፍትሔው ብዙ መብላት ነው።

መልስ፦ ቁጠባ መኖሩ ልክ ነው። ቁጠባው ግን ጉድለቱን ያጠባል እንጂ ስብ መቀነስን አያቆምም። በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወንዶች ለ24 ሳምንት ከለመዱት ግማሽ ያህል ብቻ እየበሉ ተጠንተው ነበር። ሰውነታቸው በጣም ቆጥቧል፤ ቀዝቅዘዋል፣ ደክመዋል። ያም ሆኖ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጥተዋል። ቁጠባው መውረድን የሚያቆም ቢሆን ኖሮ እነሱ ላይ ይታይ ነበር። «ብዙ ብዪ» የሚለው ምክር ባልተመዘነ ምግብ ላይ ሲጨመር ኪሎ ነው የሚመልሰው።

ጥያቄ፦ የእኔም ከስድስት ሳምንት በፊት ቆሟል፣ 92 ላይ። ልክ ብረት ማንሳት የጀመርኩ ጊዜ ነው። ቀበቶዬን ግን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄዋለሁ። ምግብ ልቀንስ?

መልስ፦ አትቀንስ፣ ያንተ አልቆመም። አዲስ ልምምድ የጀመረ ጡንቻ ውኃና ግላይኮጅን የሚባለውን የተከማቸ ስኳር ይይዛል፤ ስቡ ሲወርድ እሱ ቦታውን ይተካል። በየሁለት ሳምንቱ ወገብህን እምብርትህ ላይ ለካ፤ አንተ ጋ ከሚዛኑ ይልቅ ሜትሩ ይታመናል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ። አሥር ቀን መዘንኩ። 1600 ያልኩት በአማካይ 1900 ሆነ! አብዛኛው ዘይት ነው፤ በዓይኔ «አንድ ማንኪያ» የምለው ወደ ሁለት ተኩል ይጠጋል። ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ እንዴት ወረድኩ?

መልስ፦ በ86 ኪሎሽ 1900 እንኳ ጉድለት ነበረው። መጀመሪያ ላይ የበለጠ ትጠነቀቂም ይሆናል፤ ማንኪያ ከወር ወር እያደገ ይሄዳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ነው፣ 120 ካሎሪ ገደማ። ሁለት ተኩሉ 300 ነው፤ ያ ብቻውን ከአንዱ ማንኪያ በላይ 180 ይጨምራል።

ከዚህ መዝገብ ትልቅ ነገር አገኘሽ፦ ኪሎሽን ባለበት የሚያቆመው መጠን 1900 አካባቢ ነው። ከቀመሩ ይልቅ ይህን እመኚ፣ የተለካው በራስሽ አካል ነውና። አሁን እውነተኛ 1600 ብዪ፣ በግራም የተመዘነ። ፕሮቲን በቀን ከ90 እስከ 120 ግራም ይሁን፤ ጡንቻን ይጠብቃል፣ ረሃብንም ያስታግሳል። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አንሺ። እርምጃሽንም ቁጠሪ። 2000 እርምጃ ብትጨምሪ በአንቺ ክብደት ከ60 እስከ 80 ካሎሪ ቢሆን ነው፤ የእርምጃው ትልቁ ጥቅም ሳታውቂው እየቀነሰ የሄደውን እንቅስቃሴ መያዙ ነው። አራት ሳምንት ምንም ሳትቀያይሪ ቆዪ። የሚጠበቀው በሳምንት ሩብ ኪሎ ገደማ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ፍርድ አትስጪ።

ጥያቄ፦ የዳየት እረፍት የሚሉትስ? ሁለት ሳምንት እንደ ልብ በልቶ መመለስ ማለት አይደል?

መልስ፦ እንደ ልብ አይደለም፤ ኪሎ በሚያቆመው መጠን መብላት ነው። ለእሷ 1900 ማለት ነው፣ ተመዝኖ። ልብ በሉ፣ እሷ ሳታውቀው አምስት ሳምንት እረፍት ላይ ነበረች! አሁን ሌላ እረፍት አያስፈልጋትም። ሦስት ወር ያህል በእውነተኛ ጉድለት ቆይታ፣ እንቅልፏ ሲረበሽና ሐሳቧ ሁሉ ምግብ ሲሆን ያኔ ሁለት ሳምንት ብትወስድ ተገቢ ነው። የሚጨመረው በአብዛኛው ከዳቦ፣ ከሩዝና ከፍራፍሬ ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ኪሎ ገደማ ይወጣል፤ ግላይኮጅንና አብሮት የሚመጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ብዙዎች እሱን አይተው ደንግጠው እረፍቱን በሦስተኛው ቀን ያቋርጣሉ።

አስተያየት፦ እኔ ግን እረፍቱ ሜታቦሊዝምን እንደሚያድስ በጥናት ተረጋግጧል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አንድ ጥናት ወደዚያ ያዘነብላል። በአውስትራሊያ 51 ወፍራም ወንዶች ተከፍለው፣ ሁለት ሳምንት ቀንሰው ሁለት ሳምንት እያረፉ የሄዱት ያለ እረፍት ከቀነሱት የበለጠ ወረዱ። ምግባቸው ግን ይቀርብላቸው ነበር፤ የአሥራ ስድስቱ ሳምንት ቅነሳም በእረፍቱ ምክንያት 30 ሳምንት ፈጅቷል። በኋላ ብረት በሚያነሱ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በስብ ቅነሳ ልዩነት አላገኘም፣ ረሃብ ግን ቀለል ብሏቸዋል። እኔ እረፍትን የምመክረው ለጽናት ነው። ለሜታቦሊዝም ብለህ የምትወስደው ከሆነ ብዙ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 168፣ ክብደቴ 54 ነው። 51 መድረስ እፈልጋለሁ፣ ግን ቆመብኝ። የወር አበባዬም ሦስት ወር ቀርቷል። እኔም ማንኪያዬን ልመዝን?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አንቺ መመዘኑንም መቀነሱንም አቁሚ። የወር አበባ መቅረት ሰውነት ለመራባት የሚበቃ ምግብ እያገኘ እንዳልሆነ ሊያሳይ ይችላል፤ ሲቆይ አጥንትን ይጎዳል። እርግዝና፣ ታይሮይድና ሌሎች ምክንያቶችም ስላሉ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሦስት ወር መቅረቱን፣ ምን ያህል ኪሎ በስንት ጊዜ እንደወረድሽና በቀን የምትበዪውን በትክክል ንገሪው።