ምራቅ አንድ ጊዜ ተሰጠ፣ መቶኛው ግን ይቀያየራል፦ የዘር ሐረግ ምርመራ ጥያቄና መልስ

ሄለን፦ ከዓመታት በፊት ምራቄን ልኬ 23% ስካንዲኔቪያ ተባልኩ። ዘንድሮ ብከፍተው 6% ሆኗል፣ ስኮትላንድ ደግሞ ጨምሯል። ድጋሚ ናሙና አልሰጠሁም። ምን ተፈጠረ?

ያንቺ ዲኤንኤ እንደተነበበ ተቀምጧል፤ የተቀየረው የሚነጻጸርበት ነው። ላቦራቶሪው ሁሉንም አያነብም። ከሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ውስጥ ሰው ከሰው በሚለያይባቸው ከ600,000 እስከ 700,000 በሚሆኑ ቦታዎች ላይ ብቻ ያተኩራል። እነዚህ ፊደላት የአገር ስም የላቸውም። ስለዚህ ድርጅቱ አያቶቻቸው ከአንድ አካባቢ የሆኑ ሰዎችን ሰብስቦ ማጣቀሻ ያደርጋል፤ ያንቺንም ዲኤንኤ ቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ለየትኛው ቡድን እንደሚቀርብ ያሰላል።

አንዱን ቁራጭ እንከተል። ስኮትላንድና ኖርዌይ በባሕር የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው፤ ቫይኪንጎችም በስኮትላንድ ደሴቶች ሰፍረው ነበር። ስለዚህ ብዙ ቁራጮች በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። በማጣቀሻው ውስጥ ስኮትላንዳውያን ጥቂት ሳሉ ያንቺ ቁራጭ እነሱ ዘንድ በአጋጣሚ ካልታየ፣ ስሌቱ በጠባብ ልዩነት ለኖርዌይ ይሰጠዋል። ብዙ ስኮትላንዳውያን ሲጨመሩ ያው ቁራጭ እነሱ ዘንድ በብዛት ይገኝና ፍርዱ ይገለበጣል። ስሌቱ የጎረቤት ቁራጮችንም ስለሚያይ አንዱ ሲዞር አጠገቡ ያሉትም አብረው ይዞራሉ። ዲኤንኤሽ በ1,000 ቁራጭ ቢከፈል፣ ከ23 ወደ 6 ለመውረድ 170ዎቹ ጎራ መቀየራቸው ይበቃል። አንሴስትሪ የተባለው የምርመራ ድርጅት በ2018 ማጣቀሻውን ከ3,000 ሰው ወደ 16,000 ሲያሳድግ፣ የስሌት ዘዴውንም ሲቀይር፣ የብዙ ደንበኞች ውጤት እንዲህ ተገለባብጧል።

በረከት፦ እኔ የማውቀው ምርመራው የእናትን የእናትና የአባትን የአባት መስመር እንደሚከተል ነው። መቶኛው ከየት መጣ?

እነዚያ መስመሮች እውነተኛ ናቸው፤ ግን የተለየ ምርመራ ነው፣ መቶኛም አያወጣም። ከአሥር ትውልድ በፊት 1,024 የአያት ቦታ አለህ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚያሳዩህ ሁለቱን ብቻ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከሁሉም ወገን ተቀላቅሎ ከሚወረሰው ከቀሪው ዲኤንኤ ነው። ከዚያ ሁሉ አያት ውስጥ ደግሞ ምንም ቁራጭ ያላወረሱህ አሉ።

ስሜ ይቆይ፦ እኔ 12% ጣሊያን፣ ወንድሜ 4%። አባታችን አንድ አይደለም ማለት ነው? ቤት ውስጥ ወሬው ተጀምሯል።

ወሬውን አቁሙት። መቶኛ ይህን አይመልስም። እያንዳንዳችሁ ከአባትም ከእናትም ግማሽ ግማሽ ወሰዳችሁ፣ ግን የወሰዳችሁት ግማሽ አንድ ዓይነት አይደለም።

የሚመለስላችሁ ድርጅቱ ከውጤቱ ጋር በሚያሳየው የዘመድ ዝርዝር ነው፤ እሱ ሁለታችሁን በቀጥታ ስለሚያነጻጽር ማጣቀሻው ቢታደስም አይናወጥም። በእናትም በአባትም አንድ የሆኑ ወንድማማቾች የጋራ ዲኤንኤ በሚለካበት ሴንቲሞርጋን በአማካይ ወደ 2,600 ይጋራሉ፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ 1,750 ገደማ። ቁጥሩ መሐል ላይ ከወደቀ፣ ከእናትም ከአባትም የመጣው ቅጂ በአንድ ላይ የሚመሳሰልበትን ቦታ ፈልጉ። በሁለቱም ወላጅ አንድ ከሆናችሁ የዲኤንኤያችሁ ሩብ ያህል እንደዚያ ይሆናል።

ሄለን፦ እሺ፣ ግን አሁን ያለው 6% ትክክለኛው ነው ማለት ነው?

ካለፈው የተሻለ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ብሪታንያና አካባቢዋ በማጣቀሻዎቹ በደንብ የተወከሉ ናቸው። ማጣቀሻው በሳሳበት አካባቢ ግን እንዲህ አልልም። በ2019 የካናዳው ሲቢሲ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችን ለአምስት ድርጅቶች አስመረመረ። ድርጅቶቹ እርስ በርስ አልተስማሙም፤ አንድም ድርጅት ለሁለቱ እህቶች አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጠም።

ስለዚህ ከቁጥሩ ሥር የሚጻፈውን ከዚህ እስከዚህ የሚለውን ክልል ተመልከቺ። ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ ያ አገር በሚቀጥለው እድሳት ሊጠፋ ይችላል። 23አንድሚ የተባለው ድርጅት ደግሞ የእርግጠኝነት ደረጃውን ከ50% እስከ 90% እንድትቀይሪ ይፈቅድ ነበር። ወደ 90 ስታስጠጊው ብዙው "በጥቅሉ አውሮፓዊ" ወደሚል ይጠቃለል ነበር። ለእኔ ክብደት ያለው ከዚያ በኋላ በስሙ የቀረው ነው።

ዳዊት፦ ይህ ሁሉ እድሳት ደንበኛ እንዳይርቅ የሚደረግ ንግድ ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም።

ማጣቀሻው በእርግጥ አድጓል፣ ስሌቱም ተሻሽሏል፤ ይህን ንግድ ብቻ ማለት አልችልም። ካርታው ላይ ግን አልከራከርህም። የሰው ዲኤንኤ ከአገር አገር ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው፣ መስመሩን የሚያሰምረው ድርጅቱ ነው። በቅርቡ አንዱን አካባቢ ለሦስት ለአራት ሲከፍሉት፣ ማጣቀሻቸው ያን ያህል መለየት ስለቻለ ይሁን ደንበኛ የመንደር ስም ስለሚወድ፣ ከውጭ ሆኜ ልፈርድ አልችልም።