ቅዳሜና እሁድ ልጅ ለመጠበቅ ለጎረቤቶች የሚጻፍ መልእክት

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሆን ከእናቴ ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። ለብሎካችን ነዋሪዎች ‹ቅዳሜና እሁድ ልጅ እጠብቃለሁ፣ ዋጋ በስምምነት› ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለት እናቶች ጠይቀውኝ ጠፉ። እንዴት ብጽፍ ይሻላል?»

መልስ፦ «ዋጋ በስምምነት» የሚለውን አውጪው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ዋጋ መከራከር ስለሚያፍር ብዙውን ጊዜ ዝም ማለትን ይመርጣል። ዋጋውን ለመወሰን በመጀመሪያ ወጪሽን አስዪ። ለምሳሌ ለአንድ ልጅ በቀን 400 ብር ብትጠይቂና ለምሳ፣ ለመክሰስና ለሳሙና 120 ብር ብታወጪ፣ ሦስት ልጆች ሲመጡ 840 ብር ይቀርሻል፤ አንድ ልጅ ብቻ ሲመጣ ግን ቀኑን ሙሉ ውለሽ የምታገኚው 280 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ለመዋል ፈቃደኛ ካልሆንሽ ዋጋውን ከመጻፍሽ በፊት አስተካክዪው፤ የልጆቹን ቁጥር በመጨመር ለማካካስ ግን አትሞክሪ።

ከዋጋው ይልቅ ጎረቤትን የሚያቀያይመው የመውሰጃ ሰዓት ነው። በ11 ሰዓት ልትወስድ የተስማማች እናት 12 ሰዓት ተኩል ብትመጣ ፊት ለፊት ገንዘብ መጠየቅ ስለሚከብድሽ፣ የማርፈጃው ክፍያ ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«የተከበራችሁ የብሎካችን ነዋሪዎች፣ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን ልጆች፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ሳይበልጡ፣ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እናቴ ባለችበት በቤታችን እጠብቃለሁ። ክፍያው ምሳና መክሰስን ጨምሮ ለሙሉ ቀን 400 ብር፣ እስከ 7 ሰዓት ለሚቆይ ልጅ 250 ብር ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት 50 ብር ይታሰባል። የጾም ምግብ የምትፈልጉ ወይም ልጃችሁ የማይስማማው ምግብ ያለ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበትን ልጅ አልቀበልም፤ መድኃኒትም አልሰጥም። ልጁን የማስረክበው ወላጁ በስም ለነገረኝ ሰው ብቻ ነው። ቦታ ለመያዝ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ፤ ቤቱን ለማየት የምትፈልጉ ዓርብ ከ11 ሰዓት በኋላ መምጣት ትችላላችሁ።»

«አልቀበልም» እና «አልሰጥም» የሚሉት ቃላት ሻካራ መስለው ቢታዩሽም አታለስልሻቸው፤ ጠንቃቃ እናት ይበልጥ የምታምነው ወሰኑን በግልጽ የጻፈችውን ነው። ዓርብ ለማየት የሚመጡ ወላጆች አስቀድመው የሚመለከቱት በረንዳውን ነውና፣ ልጅ ሊወጣበት የሚችል ወንበር ወይም ሳጥን ከአጠገቡ አንሺ፤ በሩም ይቆለፍ። ምድጃውና የፈላ ውኃው ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይሁኑ። ቆሎና ኦቾሎኒ ትንንሾቹን ሊያንቃቸው ስለሚችል ለመክሰስ አታቅርቢ፤ ዳቦ ወይም ሙዝ ይበቃል።

መልእክቱን ከመላክሽ በፊት ለእናትሽ አንብቢላት፤ ቤቱ የእርሷም ነውና በሰዓቱም ሆነ በልጆቹ ቁጥር ላይ መስማማት ይኖርባታል።