«ሰላም ነኝ» ወይስ «ሰላም እባላለሁ»?

ጥያቄ፦ ስሜ ሰላም ነው። ሁላችንም በድምፅ ብቻ በገባንበት የስልክ ስብሰባ ላይ ተራዬ ሲደርስ «ሰላም፤ ሰላም ነኝ» አልኩ። አንድ ተሰብሳቢ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛም ደኅና ነን፤ ማን ልበል?» አሉኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው የእሳቸው? «እባላለሁ» ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ እኚያ ሰው የሰሙት ምንም የማይጎድለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ አልተሳሳቱም። «ሰላም ነህ?» ለተባለ ሰው የሚጠበቀው መልስ «ሰላም ነኝ» ነው፤ ከፊቱ ሌላ «ሰላም» ሲጨመርበት ደግሞ የሰላምታ መልስ መምሰሉ ይብሳል። እርስዎ የተጸውዖ ስም አድርገው የተናገሩትን እሳቸው እንደ ቅጽል ሰሙት። ፊት ለፊት ቢሆን የተዘረጋው እጅ ወይም ደረት ላይ ያረፈው መዳፍ «ይህ ስሜ ነው» ብሎ ይናገር ነበር፤ በድምፅ መስመር ላይ ግን ይህን ሥራ ከቃላቱ በቀር የሚሠራ የለም።

ችግሩ የሁሉም ስም አይደለም። ደስታ የሚባል ሰው «ደስታ ነኝ» ቢል አድማጭ አይደናገርም፤ ደስ ያለው ሰው «ደስተኛ ነኝ» ይላልና ቅጥያው ሁለቱን ይለያቸዋል። የሚቸገሩት ስማቸው ያለ ምንም ቅጥያ ከ«ነኝ» ጋር ተጣምሮ ሁኔታን ወይም ጠባይን የሚገልጽባቸው ናቸው፤ ብሩክ፣ ትሑት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅዱስ። በማይታይበት መስመር ላይ «ቅዱስ ነኝ» ብሎ ንግግሩን የሚጀምር ሰው ሊገጥመው የሚችለውን ጸጥታ መገመት አያዳግትም። እንደ እኔ ከሆነ «ሰላም» ከእነዚህ ጋር ሊቆጠር ባልተገባው ነበር። በግእዝ ሰላም ለሰው የሚሰጥ ነገር ነው፤ «ሰላም ለከ»፣ «ሰላም ለኪ» ይባላል እንጂ ሰውየው ራሱ ሰላም አይሆንም። ለጤንነት «ደኅና ነኝ» የሚል የተስተካከለ አነጋገር እያለን «ሰላም ነኝ» ማለት ለምን እንዳስፈለገ ዛሬም አይገባኝም። ሆኖም ሕዝቡ ተናግሮታል፤ እኔም ሳላስበው ስለው ራሴን ሰምቻለሁና ክርክሩ አብቅቷል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። «ነኝ» እና «እባላለሁ» አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት የሆኑ ቃላት አይደሉም፤ ሥራቸው ይለያያል። «እባላለሁ» ስምዎን ለማያውቅ ሰው ስሙን ይሰጠዋል። «ነኝ» ግን ስሙ አስቀድሞ በአድማጩ ዘንድ እንዳለ ቈጥሮ፣ አሁን የሚሰማው ድምፅ የዚያ ስም ባለቤት መሆኑን ይነግረዋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ለወንድምዎ ደውለው «ሰላም እባላለሁ» ይበሉት፤ ወይ ይስቃል ወይ በምን አስቀይሜ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። እርስዎ በዚያ ስብሰባ ላይ ያደረጉት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስምዎን ፈጽሞ ላልሰሙ ሰዎች እንደሚያውቁት አድርገው ተናገሩ። ጆሮ የማያውቀውን ስም ሲሰማ በሚያውቀው ቃል ይተካዋል፤ የሚያውቀው «ሰላም» ደግሞ ሰላምታው ነበር።

«እባላለሁ»ን የሚነቅፉ አሉ። ተደራጊ ግስ ስለሆነ ተናጋሪውን ከገዛ ስሙ ያርቀዋል፣ ሰው ስለ ራሱ ወሬ የሚያወራ ያስመስለዋል፣ ቀጥተኛውና ንጹሑ «ነኝ» ነው ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የግሱን ዘር ቢከተሉ ኖሮ ይህን ያህል ባልደፈሩ ነበር። «እባላለሁ» ከ«ተባለ» የተገኘ ነው፤ የተደራጊነት ምልክቱ «ተ» እዚህ ላይ ባይጻፍም «ባ» ጠብቃ በመነገሯ ይታወቃል። «ተባለ» የ«አለ» ተደራጊ ነው፤ የሁለቱም አባት የግእዙ «ብህለ» ነው። ይህ ግስ በታሪኩ ብዙ አካል ያጣ ግስ ነው። ግእዝ ራሱ «ይቤ» ሲል ከሦስቱ ተነባቢዎች «ብ»ን ብቻ አስቀርቶ ሁለቱን ጥሏል፤ አማርኛ በተራው «አለ» ሲል «ል»ን ብቻ አስቀረ። «ብሎ»፣ «በል»፣ «ባይ» ስንል ግን የጠፋችው «ብ» ተመልሳ ትመጣለች፤ ሦስቱም ተነባቢዎች ሳይነኩ የቆዩት «ባህል» በሚለው ቃል ውስጥ ነው፤ ባህል መጀመሪያ «የተባለ ነገር» ማለት ነበርና። እንግዲህ «እባላለሁ» ማለት ሰዎች ሲጠሩኝ የሚሉኝ ይህ ነው ማለት ነው። ስም ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ነው? ለራሱ ስም ያወጣ ጥቂት ነው፤ በራሱ ስም ራሱን የሚጠራም የለም።

ከዚህም በላይ ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዟል። በስልክ የማናውቀው ድምፅ ሲመጣ «ማን ልበል?» እንላለን፤ «ልበል» ያው «ብህለ» ነው። እኚያ ተሰብሳቢ «ማን ልበል?» ሲሉ የጠየቁት ምን ብለው እንደሚጠሩዎት ነው፤ «እባላለሁ» ጥያቄውን በራሱ ግስ ይመልሳል። «ነኝ» የሚመልሰው «ማን ነህ?» ወይም «ማን ነሽ?» የሚለውን ነው፤ ይህ ደግሞ በስልክ ሲጠየቅ ቆጣ ያለ አነጋገር ነው።

አሁን ስብሰባውን እንደገና እንጀምረው። ያባትዎ ስም የሰዋስው መምህራን ያልተለዩት ከበደ ነው እንበል። ተራዎ ሲደርስ የሚሻለው «ጤና ይስጥልኝ፤ ሰላም ከበደ እባላለሁ» ነው። ሰላምታው «ሰላም» አለመሆኑን ያስተውሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ በገዛ እጅ መሰናክል ማቆም ነው። ያባት ስም ደግሞ ከአክብሮት ያለፈ ጥቅም አለው። «ከበደ» ግስም ቢሆን፣ ከ«ነኝ» ወይም ከ«እባላለሁ» ፊት የታሰረ ግስ ሊቆም ስለማይችል ጆሮ ወዶም ሆነ ሳይወድ ስም አድርጎ ይቀበለዋል፤ እሱ ስም ከሆነ ደግሞ ከፊቱ ያለው «ሰላም»ም ስም ይሆናል። ከተሰብሳቢዎቹ ግማሾቹ የሚያውቁዎት ከሆነ «ለማታውቁኝ፣ ሰላም ከበደ እባላለሁ» ይበሉ፤ የሚያውቁዎትም አይከፉም።

በሌላ ርእስ ላይ እንደገና ሲናገሩ ግን «እባላለሁ» አይደገምም፤ ስሙ አንዴ ተሰጥቷልና የቀረው ድምፁን ከስሙ ጋር ማገናኘት ነው። እዚህ የ«ነኝ» ተራ ይመጣል፤ «ሰላም ከበደ ነኝ፤ በሁለተኛው ነጥብ ላይ...» ይላሉ። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ «ሰላም ነው የምናገረው» ይላል። ይህን አልወደውም፤ ለእርስዎ ስም ደግሞ በማስረጃም እቃወመዋለሁ። «እኔ ነው የምናገረው» የሚል አነጋገር በሰፊው አለ፤ «ነው» እዚያ ለመደብ ሳይለዋወጥ ይቆማል። ስም ሲገባበት ግን ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ፣ ግሱ አንደኛ መደብ ሆነው ይጣላሉ፤ አድማጭም ጸቡን ለማብረድ «የምናገረው ነገር ሰላም ነው» ወደሚለው ትርጉም ይሸሻል። ስለ ሰላም ሊሰብኩ የተነሡ ይመስላሉ። የግድ እንዲህ ማለት ካማረዎት «የምናገረው ሰላም ከበደ ነኝ» ቢሉ መደቡ ይታረቃል።

ስለ «እኔ» አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ማሰሪያ አንቀጹ መደብን ስለሚያሳይ «እኔ ሰላም ከበደ እባላለሁ» ውስጥ «እኔ» ትርፍ ነው የሚሉ አሉ፤ በጽሑፍ እውነት አላቸው። በድምፅ መስመር ላይ ግን የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ አደጋ ላይ ነው። ብዙ መስመሮች ንግግር መጀመሩን ካወቁ በኋላ ስለሚከፈቱ መነሻውን ይቆርጡታል፤ ማይክራፎኑን ዘግቶ የቆየ ሰውም ከፍቶ ሳይጨርስ መናገር ይጀምራል። በዚያ ላይ የ«ሰ» ድምፅ አብዛኛው ኃይሉ ያለው የቆየው የስልክ መስመር ከሚያሳልፈው፣ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ከሚደርሰው ክልል በላይ ስለሆነ፣ ባይቆረጥም ደክሞ ይሰማል። «ሰላም ነኝ» ከሚለው ላይ «ሰ» ስትወድቅ የሚቀረውን ራስዎ ይናገሩትና ይስሙት፤ ከላም ይልቅ ትርፍ ቃል ይሻላል። «እኔ» ወይም «ጤና ይስጥልኝ» ከፊት ሲቆም የሚቆረጠው እሱ ይሆንና ስምዎ ሳይነካ ይደርሳል። «ስሜ ሰላም ከበደ ይባላል» የሚለውም እንዲሁ ስሙን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ስብሰባውን የሚመሩት ሰው ደግሞ የራሳቸው ጭንቅ አለባቸው። «ነኝ»ም «እባላለሁ»ም ጾታ አያሳዩም፤ ሰላም ደግሞ ሴትም ወንድም የሚጠራበት ስም ነው፤ እኔም ጥያቄዎን አንብቤ የትኛው እንደሆኑ አላወቅኩም። መፍትሔው አንቱታ ነው። «ሰላም፣ ይቀጥሉ» ማለት ከ«ቀጥል» እና ከ«ቀጥዪ» መካከል ከመገመት ያድናል። ራስን «ወይዘሮ ሰላም ነኝ» ወይም «አቶ ሰላም ነኝ» ብሎ ማስተዋወቅ ጭንቁን እንደሚያቀል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ማዕረግ ሰው ሲሰጥ እንጂ ባለቤቱ ሲወስደው አያምርምና አልመክርም።

የሚቀረው የሥራ ቦታ ነው። የአማርኛ ወግ «ከሒሳብ ክፍል ሰላም ከበደ ነኝ» ብሎ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ማኖር ነው፤ አሁን የሚሰማው ግን «ሰላም ከበደ ነኝ፣ ከሒሳብ ክፍል» ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከታሰረ በኋላ ጅራት መቀጠል ነው እያልኩ ስቃወመው ኖሬያለሁ። ሆኖም የሬዲዮ ዘጋቢዎች ዘገባቸውን «እከሌ ነኝ፣ ከእንዲህ ያለ ስፍራ» ብለው መዝጋት ከለመዱ ቆይተዋል፤ በጆሮ ብቻ ለሚከታተል ሰውም ስሙ ቀድሞ፣ ቦታው ተከትሎ ሲመጣ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም። ስለዚህ በድምፅ ስብሰባ ላይ ቢሉት አልነቅፍዎትም፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን እንደ ወጉ አስተካክለው ይጻፉት።