ዲቃላ፣ ክልስ፣ ሙላቶ

«ባለቤቴ ጣሊያናዊ ነው። አክስቴ ልጃችንን "ዲቃላ" ስትለው ከፋኝ። እሷ ግን "ክልስ ማለቴ ነው፣ ያው ነው" አለችኝ። እውነት ያው ነው? ሙላቶስ?»

ያው አይደለም፣ እህቴ። መከፋትሽም ልክ ነው።

«ዲቃላ በመሠረቱ ድብልቅ ማለት ነው፣ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን» የሚሉ የቋንቋ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ከብትና እህል ላይ፣ እውነት ነው፣ የተዳቀለች ላም፣ ድቅል በቆሎ እንላለን፤ ማንም አይከፋውም። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ደቀለ ማለት ከጋብቻ ውጭ ወለደ ነው። ዕብራውያን 12፥8ን እዪው፦ «ዲቃላዎች እንጂ ልጆች አይደላችሁም» ይላል። እዚያ ስለ ዘር መቀላቀል የሚያወራ ነገር የለም። ዲቃላ የቆመው ከ«ልጅ» ተቃራኒ ነው። ስለዚህ በሕግ ከተጋቡ ሰዎች የተወለደን ልጅ ዲቃላ ማለት የወላጆቹን ጋብቻ መካድ ነው። ከጋብቻ ውጭ ለተወለደውም ቢሆን ቃሉ አይገባውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 እኩል መብት ሰጥቶታል።

ሙላቶ የፖርቱጋልና የስፓኝ ቃል ነው። ብዙዎች ሙሎ ከሚለው፣ ማለትም ከበቅሎ፣ ያመጡታል። ከዐረብኛው ሙወለድ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ በቅሎው አደላለሁ፤ የአህያና የፈረስ ልጅ ብሎ ሰው መጥራት ደግሞ ይቅር የሚባል አይደለም። (ሙላቱ የሚለው የእኛ ስም ከሙላት የመጣ ነው፤ ከዚህ ጋር አይዛመድም።)

የባለቤትሽ ቋንቋ መቲቾ ይላል። ሥሩ ላቲን ነው፣ ትርጉሙም «የተቀላቀለ» ብቻ። ቃሉን ያከበደው ሕግ ነው። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣችው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከቅኝ ግዛት ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳያወርሰው ከለከለች። የማሳደጊያው ወጪ በሙሉ በእናትየው ላይ ወደቀ። የመቲቾ ሸክም ይህ ነው።

ክልስን እወደዋለሁ። አጭር ነው፣ የራሳችን ነው፣ ከቅይጥና ከድቅል ጋር በአንድ ቅርጽ የወጣ ነው። የሚነቅፉት ወጥ በውሃ ሲቀጥን «ተከለሰ» እንደሚባል ያነሳሉ፤ ቃሉ ሰውን የቀጠነ ያስመስላል ይላሉ። እኔ ደግሞ ትምህርትም ይከለሳል፣ መጽሐፍም ይከለሳል እላለሁ፤ ያ ማቅጠን አይደለም። ግን ልጆቹ ራሳቸው እየሸሹት ነው። ብዙዎቹ «ሚክስ» ይላሉ፣ ወይም «እናቴ ኢትዮጵያዊት፣ አባቴ ጣሊያናዊ» ብለው ይጨርሳሉ። ሚክስ ለጆሮዬ አይጥመኝም። ይሁንና የሚጠራበት ልጅሽ ነውና ምርጫው የእሱ ነው። ክልስ አትበሉኝ ካለ፣ አክስትሽም እኔም እንተወዋለን።