ለሠርግ ፊልማችሁ ኤዲተር የምትልኩት የማስተካከያ ኢሜይል፦ ጥያቄና መልስ

የሠርግ ፊልም ኤዲት ማድረግ ሥራዬ ነው። ሙሽሮች የመጀመሪያውን ቅጂ አይተው «ይህ ይስተካከል» ብለው ስለሚልኩልን ዝርዝር የከበዳችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የ18 ደቂቃ ፊልም ደርሶን 11 ማስተካከያ ጽፈናል። አንዱ «04:30 አካባቢ ያለው ደስ አላለንም» ይላል። ይበቃል?

እኔ ብሆን መልሼ እጠይቃችኋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ምስል አለ፣ ንግግር አለ፣ ከሥሩ ሙዚቃ አለ። ደስ ያላላችሁ የትኛው ነው? እንዲህ ብትጽፉት ይሻላል፦

«04:27–04:33፦ ካሜራው ሲዞር የሙሽሪት ፊት ይደበዝዛል። የዚያኑ ቅጽበት ከሌላ ካሜራ የተቀረጸ ምስል ካለ ይተካ። የአባቷ ንግግር ሳይቋረጥ ይቀጥል።»

ትልቁ ነገር ምክንያቱ መጻፉ ነው። «ይውጣ» ብቻ ብትሉኝ ስድስቱን ሰከንድ ከነድምፁ አወጣለሁ፤ የአባትየው ዓረፍተ ነገርም መሀል ላይ ይቆረጣል። ችግሩ የደበዘዘ ምስል መሆኑን ካወቅሁ ግን ድምፁን ሳልነካ ሌላ ምስል አለብሰዋለሁ።

አንድ ቃል ደግሞ ተጠንቀቁ። «የአጎቴ ንግግር ይቅር» የሚል ኢሜይል ደርሶኝ ንግግሩን አወጣሁት። እነሱ ግን «እዚያው ይቅር» ማለታቸው ነበር። ጥፋቱ የማናችንም አይደለም፤ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። «ይውጣ» ወይም «እንዳለ ይቆይ» በሉ።

ጥያቄ፦ ጥያቄ ሳይሆን እርማት ነው። ፍሬም፣ ማለትም በሰከንዱ ውስጥ ያለው የነጠላ ምስል ቁጥር፣ ካልተጻፈ ኤዲተር ቦታውን አያገኘውም። ሁልጊዜ እንደ 01:04:27:10 ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ፍሬም በአራት ቁጥር መጻፍ አለበት።

ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኤዲተሩ በምስሉ ላይ የሚሮጥ የሰዓት ቆጣሪ፣ ታይምኮድ የሚባለውን፣ አትሞ ከላከ እሱን እንዳለ ቅዱ። መጀመሪያ ላይ 01 ብታዩም አትደንግጡ፤ ብዙ ኤዲተሮች ቆጠራውን ከአንድ ሰዓት ስለሚጀምሩት ያ ቁጥር ከፊልሙ መጀመሪያ 4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ላይ ያለውን ቦታ ነው የሚያሳየው። ቆጣሪ ካልታተመበት ግን ማጫወቻው የሚያሳየው ደቂቃና ሰከንድ ይበቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ፊልም አንድ ፍሬም የሰከንድ 25ኛ እጅ ነው፤ በዓይን ገምታችሁ ልትጽፉት አትችሉም። በእሱ ፈንታ የምታዩትን ጨምሩ፦ «እህቴ እንባዋን ስትጠርግ»። ሰከንዱ ቢዛነፍ እንኳ ቦታውን አገኘዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ዝርዝሩን በሦስት ኢሜይል ላክን። ሁለተኛው ቅጂ ሲመጣ የቀሩት ሰዓቶች ሁሉ የተሳሳቱ ሆኑ። ኤዲተሩ ተሳስቶ ነው?

አይመስለኝም። የመጀመሪያው ኢሜይላችሁ ከ02:10 እስከ 02:22 ያለውን አስወጥቷል እንበል። ያ 12 ሰከንድ ሲወጣ ከኋላው ያለው ሁሉ ወደፊት ይሳባል፤ 07:45 ላይ የነበረው 07:33 ላይ ይመጣል። ሦስተኛው ኢሜይላችሁ ግን አሁንም 07:45 ይላል። እኔ ሙሉ ዝርዝር በአንድ ጊዜ ሲደርሰኝ ከመጨረሻው ማስተካከያ ጀምሬ ወደ ኋላ የምሠራው ለዚህ ነው፤ መጨረሻው ላይ የቆረጥሁት መጀመሪያውን አያንቀሳቅሰውም።

አሁን የቀሩትን ሰዓቶች ከሁለተኛው ቅጂ ላይ እንደገና አንብባችሁ ጻፉ፤ ኢሜይሉ አናት ላይም «ሰዓቶቹ በሁለተኛው ቅጂ መሠረት ናቸው» በሉ። አሮጌና አዲስ ሰዓት በአንድ ዝርዝር እንዳይቀላቀል አደራ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን እኔው ስልኬ ላይ 12ቱን ሰከንድ ቆርጬ አልልክለትም?

የምትልክለት የተጨመቀ ቅጂ ነው፤ እሱ የሚሠራው በዋናዎቹ ምስሎች ነው። ያንተን ቁርጥ ፈልጎ ለማግኘት ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ማየት ሊኖርበት ነው። «02:10–02:22 ይውጣ» የሚለው መስመር ይበልጥ ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመግቢያው ሙዚቃ ይቀየር ይላል፣ እኔ ወድጄዋለሁ። ሁለታችንም የየራሳችንን ብንጽፍስ?

እህቴ፣ ይህንን ሳትስማሙ አትላኩት። ምስሎቹ የተቆረጡት በሙዚቃው ምት ላይ ነው። አዲሱ ሙዚቃ ፍጥነቱ ከተለየ ምስሎቹ ከምቱ ጋር አይገጥሙም፤ መግቢያውን እንደ አዲስ መቁረጥ ይመጣል። ርዝመቱ ከተለወጠም ከኋላው ያሉት ሰዓቶች ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሙዚቃው ብቻ ተስማምታችሁ ጻፉ፤ ሌላውን ዝርዝር አዲሱን መግቢያ ካያችሁ በኋላ አስከትሉ። ተጨማሪ ክፍያ ይኖረው እንደሆነ ውላችሁን እዩ፤ እዚህ ላይ የኤዲተሮች አሠራር ይለያያል።

ጥያቄ፦ የፍሬሙን ነገር አሁንም አልተቀበልሁም። ድምፅ «ጧ» የሚልበት ቦታስ?

እሱን ሰከንዱን ብቻ ስጠኝ፤ እዚያ ደርሼ በጆሮዬ እፈልገዋለሁ። ያንተ ኤዲተር ፍሬም ከጠየቀህ ግን የእሱን ስማ።