መልስ፦ ቃላቱ ሁለት ቦታ የሚመጡት ለምንድነው?

«የመንዝ የእርሻና የሽመና ቃላት ሰብስቤ በኮምፒውተር በፊደል ተራ ስደረድር አንዳንዱ ቃል ሁለት ቦታ ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?»

ጉዱ ያለው ሞክሼ ፊደላቱ ላይ ነው። አንድ ቦታ «አውድማ»፣ ሌላ ቦታ «ዐውድማ» ብለህ ጽፈሃል። ኮምፒውተሩ አንዱን ከ«ከ» በፊት፣ ሌላውን ከ«ወገል» በኋላ ይወረውረዋል።

ዋናውን ቃል አትንካው። አጠገቡ አንድ ዓምድ ጨምርና ቃሉን ገልብጥ። እዚያ ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ተካ፤ ከነሰባቱ ድምፃቸው ነው ታዲያ። ሃንና ኣንም ወደ ሀና አ መልስ። በዚህ ዓምድ ደርድር፣ ሲያልቅ ደብቀው። መንትዮቹ ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ አንዱን አጻጻፍ ትመርጣለህ።

ግሦቹን «መፍተል፣ መሸመን» ካልክ ሁሉም መ ሥር ይከመራሉ። «ፈተለ፣ ሸመነ» ይሻላል። ስሞቹ በነጠላ ይሁኑ፤ «ቀንበር» እንጂ «ቀንበሮች» አይሁን።