መልስ፦ ፍሰቱ 4 ላይ ለምን ቆመ?

«ከምንጩ ወደ ታንከሩ በሰከንድ 4 ሊትር ካደረስኩ በኋላ መንገዱ ሁሉ ተዘጋብኝ፤ መልሱ ግን ትልቁ ፍሰት 5 ነው ይላል። አቅማቸው፦ ምንጭ→ሀ 3፣ ምንጭ→ለ 2፣ ሀ→ለ 2፣ ሀ→ታንከር 2፣ ለ→ታንከር 3።»

የጎደለው በየቧንቧው ገና ሊጨመር ወይም ሊቀነስ የሚችለውን መጠን በሚያሳየው የቀሪ አቅም ግራፍ ላይ የሚሰመረው የኋሊት መስመር ይመስለኛል። መጀመሪያ በሀ እና በለ በኩል 2፣ ቀጥሎ በሀ ብቻ 1፣ በለ ብቻ 1 ከተላከ ከለ ወደ ታንከሩ የሚሄደው ቧንቧ ይሞላል፤ ነገር ግን ከሀ ወደ ለ 2 ሊትር እየፈሰሰ ስለሆነ ግራፉ ከለ ወደ ሀ የ2 አቅም ያሳያል። ስለዚህ ምንጭ→ለ→ሀ→ታንከር ክፍት መንገድ ነው፤ በእርሱም 1 ይጨመራል። ውሃው በእርግጥ ወደ ኋላ አይፈስም፤ ከሀ ወደ ለ የሚሄደው ወደ 1 ዝቅ ይላል፣ የተረፈው ከሀ በቀጥታ ወደ ታንከሩ ይገባል፣ በለ የተከፈተውን ቦታም ከምንጩ የመጣው አዲስ ውሃ ይይዘዋል። አሁን ከምንጩ የሚወጡት ሁለቱም ቧንቧዎች ስለሞሉ ከ3 እና ከ2 ድምር በላይ ሊያልፍ አይችልም።